ገጹን ሳይሆን ምዕራፉንና ቁጥሩን፦ የጥቅስ አድራሻ እንዴት እንደተበጀና የት ላይ እንደሚያሳስት



በሐዋርያት ሥራ ስምንተኛ ምዕራፍ የሚገኘው ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ፣ የንግሥት ህንደኬ ባለሟል፣ ከኢየሩሳሌም ሲመለስ በሠረገላው ላይ ተቀምጦ ትንቢተ ኢሳይያስን ያነብ ነበር። ታሪኩን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ዛሬ ከታሪኩ ውስጥ አንዲት ነገር ብቻ እንድታስተውሉልኝ እፈልጋለሁ። ሉቃስ ሰውየው የትኛውን ክፍል ያነብ እንደነበር ለአንባቢው መንገር ሲፈልግ፣ የንባቡን ቃል ራሱን ገልብጦ ጻፈው። «ኢሳይያስ 53፥7» ብሎ ማለፍ አይችልም ነበር፤ ይህ አድራሻ እኛ በምናውቀው መልኩ የተበጀው ከሉቃስ ዘመን ከአንድ ሺህ አራት መቶ ዓመት በኋላ ነው።

ዛሬ የምናገረው ስለዚሁ አድራሻ ነው። ቅዱሳት መጻሕፍትንና ጥንታውያን ድርሳናትን ስንጠቅስ ገጽ የማንጠራው ለምንድን ነው? ምዕራፍና ቁጥርን ማን አበጀው? የሚያሳስተንስ መቼ ነው? ሐሳቤን ባጭሩ ላስቀምጠው። ምዕራፍና ቁጥር የሰው ሥራ ነው። የሚጠቅመን ከወረቀቱ ጋር ሳይሆን ከንባቡ ጋር የተጣበቀ ስለሆነ ነው። ነገር ግን አቆጣጠሩ አንድ ብቻ አይደለም፤ ስለዚህ የሚጠቅስ ሰው በየትኛው አቆጣጠር እንደሚጠቅስ አውቆ መናገር አለበት። ዓመታትን ስጠራ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ገጽ የማን ነው?

ገጽ የኅትመቱ ንብረት ነው። በኪስ የሚያዘው መጽሐፍ ቅዱስና በአትሮንስ ላይ የሚዘረጋው ትልቁ መጽሐፍ ቅዱስ ንባባቸው አንድ ሆኖ ሳለ፣ በአንዱ ገጽ 900 ላይ ያለው ቃል በሌላው ገጽ 900 ላይ አይገኝም። ያው ማተሚያ ቤት እንኳ ፊደሉን በትንሹ አሳድጎ ቢያትመው ገጹ ይሸሻል። ወደ ሌላ ቋንቋ ሲተረጎም ደግሞ ንባቡ ይረዝማል ወይም ያጥራል፤ ያን ጊዜ የገጽ ቁጥር ፈጽሞ ዋጋ ያጣል።

በብራና ዘመን ነገሩ ከዚህም የባሰ ነበር። ሁለት ጸሐፊዎች አንዱን ወንጌል ቢገለብጡ፣ የአንዱ እጅ ጽሕፈት ወፍራም፣ የሌላው ረቂቅ ይሆናል፤ አንዱ በሁለት ዓምድ፣ ሌላው በሦስት ይጽፋል። ስለዚህ የብራናን ቅጠል ቆጥሮ መጥቀስ የሚያገለግለው ያንኑ አንድ መጽሐፍ በእጁ ለያዘ ሰው ብቻ ነው። በሌላ ደብር ያለ መምህር በዚያ ቅጠል ቁጥር ምንም ማግኘት አይችልም።

ታዲያ የጥንቶቹ እንዴት ይጠቅሱ ነበር? ሐዲስ ኪዳን ራሱ በርካታ ምሳሌዎችን ያሳየናል። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 12 ስለ ትንሣኤ ሙታን ክርክር ሲነሣ፣ የሙሴ መጽሐፍ የሚጠቀሰው ስለ ቁጥቋጦው በሚናገረው ስፍራ ስም ነው፤ ክፍሉ የሚጠራው በውስጡ በሚተረከው ነገር ነበር ማለት ነው። በሮሜ መልእክት ምዕራፍ 11 ቅዱስ ጳውሎስ በተመሳሳይ መንገድ የኤልያስን ታሪክ ጠርቶ ይጠቅሳል። በዕብራውያን መልእክት ምዕራፍ 2 ደግሞ መዝሙር ሲጠቀስ፣ አንድ ሰው በአንድ ስፍራ እንደመሰከረ ብቻ ተነግሮ ይታለፋል። የሚሰማው ሰው ዳዊትን በቃሉ ስለሚያውቅ፣ ቃሉ እንደተጀመረ ቦታውን ያገኘዋል።

ይህ መንገድ በአገራችንም ኖሯል። በዳዊት ያደገ ሰው መዝሙሩን በመጀመሪያ ቃሉ ይጠራዋል፤ «ተሣሃለኒ» ካላችሁት ቁጥር አያስፈልገውም። ነገር ግን ይህ የሚሠራው ጠቃሹም ሰሚውም መጽሐፉን በቃላቸው ሲይዙት ነው። መጽሐፉን በቃሉ ያልያዘ፣ ወይም በሌላ ቋንቋ የያዘ ሰው በመጀመሪያ ቃል ቦታ ማግኘት አይችልም። የቁጥር ፍላጎት የተወለደው ከዚህ ነው።

በአባ ገሪማ ወንጌል ላይ ያሉት ቁጥሮች

ቁጥርን ከንባቡ ጋር በማጣበቅ ረገድ ከቀደምቱ ሥራዎች ታላቁ የ4ኛው ክፍለ ዘመን ሊቅ የቂሳርያው አውሳብዮስ ሥራ ነው። ይህ ሥራ ከእኛ ሩቅ አይደለም። ዓድዋ አጠገብ ባለው በአባ ገሪማ ገዳም የሚገኙት፣ ብራናቸው በ4ኛውና በ7ኛው ክፍለ ዘመን መካከል እንደተዘጋጀ በካርቦን ምርመራ የታወቀው ወንጌሎች፣ በመጀመሪያ ቅጠሎቻቸው ላይ በተሳሉ ቅስቶች ሥር የቁጥር ሰንጠረዦችን ይዘዋል። ብዙ ሰው ሥዕሉን አድንቆ ያልፋል። ቁጥሮቹ ግን ሥራ ነበራቸው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አውሳብዮስ እያንዳንዱን ወንጌል በትናንሽ ክፍሎች ከፈለና ከአንድ ጀምሮ ቆጠራቸው፤ ማቴዎስ 355፣ ሉቃስ 342፣ ዮሐንስ 232 ክፍል አላቸው። የክፍሉ ቁጥር በንባቡ ኅዳግ ላይ ይጻፋል፤ ከሥሩ ደግሞ በሌላ ቀለም ከአንድ እስከ አሥር የሚደርስ ሁለተኛ ቁጥር ይሰፍራል። ይህ ሁለተኛ ቁጥር የሰንጠረዡ ቁጥር ነው። አንደኛው ሰንጠረዥ በአራቱም ወንጌሎች ያለውን ነገር ይይዛል፤ ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ያሉት በሦስቱ የሚገኘውን፣ ከአምስተኛው እስከ ዘጠነኛው ያሉት በሁለቱ የሚገኘውን፣ አሥረኛው በአንዱ ወንጌላዊ ዘንድ ብቻ ያለውን ይይዛል።

አንድ ምሳሌ እስከ መጨረሻው እንከተል። ማቴዎስን እያነበባችሁ፣ መጥምቁ ዮሐንስ በምድረ በዳ እንደሚጮኽ ድምፅ ሆኖ የተነገረበት ቦታ ደረሳችሁ። በኅዳጉ ላይ 8፣ ከሥሩ ደግሞ 1 ታያላችሁ። ወደ መጀመሪያው ሰንጠረዥ ተመልሳችሁ በማቴዎስ ዓምድ 8ን ስትፈልጉ፣ በዚያው መስመር ለማርቆስ 2፣ ለሉቃስ 7፣ ለዮሐንስ 10 ተጽፏል። ማርቆስን ከፍታችሁ በኅዳጉ 2ን፣ ሉቃስን ከፍታችሁ 7ን፣ ዮሐንስን ከፍታችሁ 10ን ፈልጉ፤ ሦስቱም ስለዚያው ድምፅ ይናገራሉ። ብራናው ትልቅ ይሁን ትንሽ፣ ቋንቋው ግሪክ ይሁን ግእዝ፣ ጸሐፊው ቁጥሮቹን ሳያዛባ እስከ ገለበጠ ድረስ መንገዱ አይጠፋም። ከገጽ ነጻ የሆነ አድራሻ ማለት ይህ ነው።

ሆኖም ይህ አቆጣጠር ለአራቱ ወንጌል ብቻ የተሠራ ነው፤ ዓላማውም አንዱን ወንጌል ከሌላው ጋር ማስተያየት ነበር። ለክርክር፣ ለትምህርትና ለስብከት፣ ከዘፍጥረት እስከ ራእይ የሚያገለግል አንድ ወጥ አድራሻ ገና አልነበረም።

ከፓሪስ እስከ ጄኔቫ

ዛሬ የምናውቃቸው ምዕራፎች በ13ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ከፓሪስ ትምህርት ቤቶች ወጡ። ሥራው የሚሰጠው በዚያ ያስተምር ለነበረው፣ በኋላ የካንተርበሪ ሊቀ ጳጳስ ሆኖ በ1228 ለሞተው ለስቴፈን ላንግተን ነው። ምክንያቱን መረዳት አይከብድም። ከየአገሩ የመጡ ተማሪዎች የየራሳቸውን መጽሐፍ ይዘው ይቀመጣሉ፤ መጽሐፎቹም በተለያየ መንገድ የተከፋፈሉ ነበሩ። መምህሩ አንድ ቦታ ሲጠራ ሁሉም እኩል ካልደረሱ ትምህርቱ አይሄድም። የፓሪስ መጽሐፍ ሻጮች በአዲሱ አከፋፈል ያስገለበጧቸው መጻሕፍት በተማሪዎች እጅ ወደ መላው አውሮፓ ተሰራጩ።

ምዕራፍ ግን ረጅም ነው። በ1230ዎቹ በሂዩ ዘሳን ሼር መሪነት የዶሚኒካን መነኮሳት በፓሪስ የመጽሐፍ ቅዱስን ቃላት መዝገብ ሲያዘጋጁ፣ እያንዳንዱን ምዕራፍ በዓይን ግምት በሰባት ከፍለው በሰባት የላቲን ፊደላት ሰየሙት። አንድ ቃል የተጻፈው በምዕራፉ መግቢያ ይሁን በመካከሉ ወይም በመጨረሻው በዚህ ይታወቅ ነበር። ስፍራው ተቃረበ፤ ዓረፍተ ነገሩ ግን ገና አልተቆጠረም።

በአይሁድ ዘንድ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነበር። የዕብራይስጡ ንባብ በዓረፍተ ነገር መከፋፈሉ ጥንታዊ ነው፤ የየቁጥሩ መጨረሻም ምልክት ነበረው። የሌለው የምዕራፍ ቁጥር ነው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ራቢ ይስሐቅ ናታን የዕብራይስጥ ቃላት መዝገብ ሲያዘጋጁ፣ የላቲኖቹን ምዕራፎች ወስደው በዕብራይስጡ ዓረፍተ ነገሮች ላይ አኖሩ። ምክንያታቸውን ራሳቸው ገልጸዋል፦ ክርስቲያን ተከራካሪዎች በምዕራፍ ሲጠቅሱ አይሁዳዊው መልስ ሰጪ ቦታውን ፈልጎ ማግኘት ይቸግረው ነበር። በሃይማኖት የማይስማሙ ሰዎች በአድራሻው ተስማሙ፤ ያለዚያ ክርክሩ ራሱ አይቻልምና።

የመጨረሻውን እርምጃ የተራመደው አታሚው ሮቤር ኤስቲየን ነው። ከፓሪስ ወደ ጄኔቫ ተሰዶ በ1551 ያሳተመው ሐዲስ ኪዳን ግሪኩን በመካከል፣ ሁለት የላቲን ትርጉሞችን በግራና በቀኝ ይዞ ነበር። ሦስት ንባቦች ጎን ለጎን ሲሄዱ አንባቢው ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሻገርበት ምልክት ያስፈልገዋል፤ የቁጥሮቹ ጥቅም በዚያው ገጽ ላይ ይታይ ነበር። በ1553 ሙሉውን የፈረንሳይኛ መጽሐፍ ቅዱስ፣ በ1555 ደግሞ የላቲኑን ከነቁጥሩ አወጣ። ልጁ አንሪ አባቱ ይህን አከፋፈል ከፓሪስ ወደ ሊዮን በፈረስ ሲጓዝ እንደሠራው ጽፏል። በኮርቻ ላይ ሆኖ ይሁን በየማደሪያው ሲያርፍ አከራካሪ ነው።

እዚህ ላይ የእኛ ሰው አለ። አባ ተስፋ ጽዮን በሮም፣ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት በሚያርፉበት በቅዱስ እስጢፋኖስ ቤት ሆነው፣ የግእዙን ሐዲስ ኪዳን በ1548 እና በ1549 አሳትመዋል። ይህ ኤስቲየን የጄኔቫውን መጽሐፍ ከማውጣቱ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው የግእዝ ሐዲስ ኪዳን ኅትመት ዛሬ ሰባኪ የሚጠራው የቁጥር ሥርዓት ገና ባልተበጀበት ጊዜ ታትሟል። ንባቡ በእኛ ዘንድ የብዙ መቶ ዓመታት ዕድሜ ነበረው፤ ቁጥሩ ግን ከዚያ ወዲህ የመጣ እንግዳ ነው።

አንድ ጥቅስ፣ አራት አድራሻ

አሁን ቁጥር ወደሚያሳስትበት ቦታ እንምጣ። ኢትዮጵያ እጆቿን ወደ እግዚአብሔር እንደምትዘረጋ የሚናገረውን የመዝሙር ቃል የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ጥቂት ነው። አድራሻው የት ነው ብትሉ ግን መልሱ እንደያዛችሁት መጽሐፍ ይለያያል።

በዋሽንግተን ያደገ ወጣት የእንግሊዝኛ መጽሐፉን ከፍቶ በመዝሙር 68 ቁጥር 31 ላይ ያገኘዋል። አያቱ የግእዝ ዳዊታቸውን ቢገልጡ 67ኛው መዝሙር ውስጥ ነው፤ ሰባኪያችንም «መዝ. 67፥31» ብሎ ይጠራዋል። በኢየሩሳሌም የምትኖር ቤተ እስራኤል በዕብራይስጥ መጽሐፏ 68፥32 ላይ ታነበዋለች። በግሪኩና በላቲኑ ሊቃውንት እትም ደግሞ 67፥32 ነው። አንድ ቃል፣ አራት አድራሻ፤ ከአራቱ አንዱም ስሕተት አይደለም።

ልዩነቱ ከሁለት ምንጮች ይመጣል። የመጀመሪያው የመዝሙሩ ቁጥር ነው። በዕብራይስጡ 9ኛና 10ኛ ሆነው የተለዩትን መዝሙራት የግሪኩ ሰብዓ ሊቃናት ትርጉም እንደ አንድ ይቆጥራቸዋል። ስንኞቹ የሚጀምሩበት የዕብራይስጡ ፊደላት ተራ ከዘጠነኛው ተነሥቶ ወደ አሥረኛው ስለሚዘልቅ፣ አንድ መሆናቸው ጥሩ ማስረጃ አለው። የግእዙ ዳዊት የግሪኩን አቆጣጠር ተከትሏል። ስለዚህ ከዚያ በኋላ የግእዙ ቁጥር ከዕብራይስጡ በአንድ እያነሰ ይሄዳል። በ114ኛው አካባቢ መጋጠምና መለያየት አለ፤ የዕብራይስጡ 147ኛ መዝሙር በግሪኩ ለሁለት ሲከፈል ግን ሒሳቡ ይስተካከልና ሁለቱም በ150 ይገናኛሉ። ለማስታወስ የመጀመሪያዎቹ ስምንትና የመጨረሻዎቹ ሦስት መዝሙራት በሁለቱም ቁጥራቸው አንድ መሆኑን ያዙ። በመካከል ላሉት ለአብዛኞቹ፣ ከግእዙ ወደ ዕብራይስጡ ስትሄዱ አንድ ጨምሩ።

ሁለተኛው ምንጭ የመዝሙሩ ርእስ ነው። ለመዘምራን አለቃ፣ የዳዊት መዝሙር የሚለውን ዓይነት አርእስት ዕብራይስጡ ቁጥር 1 ብሎ ይቆጥረዋል፤ እንግሊዝኛው ሳይቆጥር ያልፈዋል። 32ና 31 የሆነው በዚህ ነው። አርእስቱ ሲረዝም ልዩነቱ ሁለት ቁጥር ይሆናል። የዳዊት የንስሐ ጸሎት የሆነው መዝሙር በዕብራይስጡ 51 ነው፤ የምሕረት ልመናው በእንግሊዝኛው በቁጥር 1፣ በዕብራይስጡ በቁጥር 3 ይጀምራል።

ስሕተቱን እንዴት ታውቁታላችሁ? አንዳንዱ ራሱን ያጋልጣል። «መዝ. 67፥31» ተብሎ በዕብራይስጥ አቆጣጠር የታተመ መጽሐፍ ብትገልጡ፣ ያ 67ኛ መዝሙር ከነአርእስቱ ከስምንት ቁጥር አያልፍም፤ 31 የሚባል የለም። ወዲያው የአቆጣጠር ልዩነት እንዳለ ትረዳላችሁ። አደገኛው ተቃራኒው ነው። «68፥31»ን ይዛችሁ ወደ ግእዙ ዳዊት ብትሄዱ፣ 68ኛው መዝሙር ረጅም ስለሆነ 31ኛ ቁጥር ይኖረዋል፤ የምታገኙት ግን እግዚአብሔር ከወይፈን መሥዋዕት ይልቅ በምስጋና ደስ እንደሚለው የሚናገረውን አካባቢ ነው። አድራሻው የከፈተው የሌላ ሰው ቤት ነው፤ ቃሉን አስቀድሞ የማያውቅ አንባቢ ስሕተት መኖሩን እንኳ አይጠረጥርም። ከሌላ ጽሑፍ የተገለበጡ ጥቅሶች መጽሐፉ ሳይከፈት ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፉ የሚደርሰው ይህ ነው።

ይህ ልዩነት አዲስ አይደለም። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 13 ቅዱስ ጳውሎስ ሁለተኛውን መዝሙር በቁጥሩ ጠርቶ ይጠቅሳል፤ በቁጥር የተጠቀሰ ብርቅ ምሳሌ ነው። በአንድ ጥንታዊ የግሪክ ብራና ላይ ግን በዚያው ስፍራ «መጀመሪያው መዝሙር» ተብሎ ተጽፏል። የመጀመሪያውንና ሁለተኛውን መዝሙር እንደ አንድ የሚቆጥሩ ነበሩና።

ባዶ የቀረ ቁጥርና የተቆረጠ ሐሳብ

ቁጥር ከንባቡ ጋር ይጣበቃል ብያለሁ። አንዳንድ ጊዜ ንባቡ ሲነሣ ቁጥሩ ብቻውን ይቀራል። የጃንደረባውን ታሪክ በአንዳንድ አዳዲስ ትርጉሞች ብታነቡ፣ ከቁጥር 36 ወደ ቁጥር 38 ትዘላላችሁ፤ 37 በግርጌ ማስታወሻ ወይም በቅንፍ ውስጥ ነው። በዚያ ቁጥር ያለው ጃንደረባው ከመጠመቁ በፊት የሰጠው የእምነት ምስክርነት ነው። ምስክርነቱን የ2ኛው ክፍለ ዘመን አባት ሄሬኔዎስ ያውቀዋል፤ ጥንታውያኑ ታላላቅ የግሪክ ብራናዎች ግን አልያዙትም። ኤስቲየን ቁጥር ሲሰጥ ንባቡ በፊቱ ስለነበረ 37 አለው። በኋላ የተነሡ ሊቃውንት ንባቡን ከዋናው ጽሑፍ ሲያወጡት፣ 38ን 37 ብለው አላስተካከሉም። ቢያስተካክሉት ኖሮ ከዚያ በፊት የተጻፈ ስብከት፣ ትርጓሜና መዝገበ ቃላት ሁሉ ከዚያ ቦታ ጀምሮ ይሳሳት ነበር። አንድ ቁጥር ባዶ መተው ሺህ ጥቅሶችን ከማበላሸት ይሻላል። ስለዚህ ቁጥር የተዘለለበት መጽሐፍ ስታገኙ ማተሚያ ቤቱ አጥፍቷል ብላችሁ አትፍረዱ፤ የግርጌ ማስታወሻውን አንብቡ።

ሌላው አደጋ ቁጥሩ ሐሳብን መቁረጡ ነው። ጃንደረባው ያነበው የነበረው ስለ መከራ ተቀባዩ የእግዚአብሔር አገልጋይ የሚናገረው ክፍል ነው። ብዙዎቻችን «ኢሳይያስ 53» ብለን እንጠራዋለን፤ ክፍሉ ግን የሚጀምረው በ52፥13 ነው። ምዕራፉን ከ53፥1 የሚጀምር አንባቢ አገልጋዩ ከፍ ከፍ እንደሚል የሚናገረውን መግቢያ ሳያይ ወደ ውርደቱ ይገባል። በዘፍጥረትም ስድስቱ ቀናት በምዕራፍ 1 አልቀው፣ የሳምንቱ ፍጻሜ የሆነው ሰባተኛው ቀን በምዕራፍ 2 መጀመሪያ ላይ ይገኛል። ሐሳቡ አላለቀም፤ ያለቀው ምዕራፉ ነው። ምዕራፉን ያኖረው የፓሪስ መምህር እንጂ ነቢዩ አለመሆኑን ያስታወሰ አንባቢ በምዕራፉ ድንበር ላይ አይቆምም።

የቁርኣን አንቀጾችና የፕላቶን ገጾች

ጉዳዩ የመጽሐፍ ቅዱስ ብቻ አይደለም። ቁርኣን የሚጠቀሰው በሱራውና በአንቀጹ ነው። የሱራዎቹ ብዛት በሁሉም ዘንድ አንድ ነው፤ የአንቀጽ አቆጣጠር ግን በጥንቱ ዘመን በኩፋ፣ በመዲና፣ በበስራና በሌሎችም ከተሞች ሊቃውንት ዘንድ ይለያይ ነበር። በ1924 የወጣው የካይሮ እትም የኩፋን አቆጣጠር፣ 6236 አንቀጽ፣ ስለያዘ ዛሬ ሰፊውን ቦታ ያገኘው እርሱ ነው። ልዩነቱ በፋቲሓ ላይ ጎልቶ ይታያል። ሁሉም ሰባት አንቀጽ ነው ይላሉ፤ በኩፋ አቆጣጠር ግን ቢስሚላህ የመጀመሪያው አንቀጽ ሲሆን፣ በመዲና አቆጣጠር ቢስሚላህ አይቆጠርም፤ የመጨረሻው አንቀጽ ለሁለት ተከፍሎ ሰባት ይሞላል። ድምሩ አንድ፣ በውስጡ ያለው አድራሻ ግን ሌላ ነው።

በዚህ መካከል ገጽ ራሱ ቋሚ አድራሻ የሆነበት አስደናቂ ጉዳይ አለ። የኤስቲየን ልጅ አንሪ፣ የአባቱን የፈረስ ጉዞ የተረከው እርሱ ራሱ፣ በ1578 የፕላቶንን ድርሳናት በሦስት ቅጽ አሳተመ። እያንዳንዱን ገጽ በላቲን ፊደላት በአምስት ክፍል ከፈለው። ይህ እትም ለሊቃውንት መሠረት ስለሆነ፣ ከዚያ ወዲህ የወጡ ዋና ዋና እትሞችና ትርጉሞች የዚያን ገጽ ቁጥርና ፊደል በኅዳጋቸው ያትማሉ። ታዋቂው የዋሻው ምሳሌ በ«ፖሊቴይያ» 514ኛ ገጽ የመጀመሪያ ክፍል ይጀምራል፤ በእጃችሁ ያለው መጽሐፍ ገጹ 220 ቢሆንም በኅዳጉ 514 ታገኛላችሁ። የአንድ ኅትመት ገጽ ከወረቀቱ ተላቆ የንባቡ አድራሻ ሆነ። ነገር ግን ሦስቱም ቅጾች ገጻቸውን ከአንድ ስለሚጀምሩ፣ 514 ብቻ ቢባል የየትኛው ድርሳን እንደሆነ አይለይም፤ የድርሳኑን ስም አብሮ መጥራት ግድ ነው።

ታዲያ እንዴት እንጥቀስ?

መጽሐፍ ቅዱስን፣ ቁርኣንን ወይም የፕላቶንን ዓይነት ድርሳን ስትጠቅሱ የመጽሐፉን ስም፣ ምዕራፉንና ቁጥሩን፣ ወይም ለድርሳኑ የጸናውን የኅዳግ አድራሻ ጻፉ። ቃል በቃል የምትጠቅሱ ከሆነ የየትኛው ትርጉም ቃል እንደሆነ አንድ ጊዜ በመግቢያ ተናገሩ። ቁጥሩ ቦታውን ያሳያል እንጂ የቃሉን ባለቤት አያሳይም፤ በአንዱ ቁጥር ሥር ሁለት ትርጉሞች የተለያየ ነገር ሊሉ ይችላሉ።

መዝሙርን ስትጠቅሱ ሁለቱንም ቁጥር ስጡ። «መዝ. 67 (68)፥31» ብሎ መጻፍ አራት ምልክት ብቻ ይጨምራል፤ አያትና የልጅ ልጅ ግን በአንድ ጊዜ አንድ ቦታ ይደርሳሉ።

ገጽ የሚያስፈልግበት ቦታም አለ። የአሳታሚው መቅድም፣ የግርጌ ማስታወሻና የተርጓሚው ሐተታ የዚያ ኅትመት ንብረት ስለሆኑ በገጽ ይጠቀሳሉ፤ ከእትሙ ስምና ዓመት ጋር። የአንድምታ ትርጓሜን ስትጠቅሱ ሁለቱን አጣምሩ፤ የተተረጎመውን ንባብ ምዕራፍና ቁጥር፣ ከዚያም የታተመውን መጽሐፍ ገጽ። ያልታተመ የብራና መጽሐፍ ከሆነ የት እንደሚገኝ፣ ስንተኛው ቅጠል እንደሆነ፣ ፊቱ ወይም ጀርባው መሆኑንና ዓምዱን ጻፉ። ቋሚ ቁጥር ያልተሰጠው ገድል ወይም ድርሳን ከሆነ እትሙንና ገጹን ስጡና የክፍሉን አርእስት ጨምሩበት፤ ሌላ እትም የያዘ ሰው በአርእስቱ ይደርስበታል።

ከሁሉ በላይ ደግሞ ጥቅሱን ከመጻፋችሁ በፊት መጽሐፉን ራሱን ክፈቱ፤ ከጠቀሳችሁት ቁጥር በፊትና በኋላ ያለውን፣ ቁጥሩ በምዕራፍ መግቢያ ወይም መጨረሻ ከሆነ ደግሞ ድንበሩን ተሻግራችሁ አንብቡ። ጥቅስ ማለት ሰሚው «እውነት ነው?» ብሎ ራሱ እንዲያረጋግጥ በሩን መክፈት ነው። ራቢ ይስሐቅ ናታን ከተቃዋሚዎቻቸው ምዕራፍን የተቀበሉት ለዚህ ነው፤ የማይስማማችሁ ሰው እንኳ የራሱን መጽሐፍ ይዞ ሊደርስበት የሚችል አድራሻ ስጡት።